ዘጠነኛው ፍተሻ

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ዕቃ ከውጭ እያስመጣ በሚያከፋፍል መካከለኛ ድርጅት የ64 ሰው ደመወዝ፣ የየወሩን የቫት ማሳወቂያና የዓመቱን መዝጊያ የምሠራው እኔ ነኝ። በ2014 ዓ.ም. ስህተት እንዳልሠራ ስል ራሴን ሆስፒታል አደረስኩ። ይባስ ብሎ ያን ሁሉ ዘመን ስሸሸው የኖርኩትን ስህተት በገዛ ጥንቃቄዬ ጠራሁት። ዛሬ ማታ ቢሮ አምሽቶ ለአሥረኛ ጊዜ ተመሳሳይ ሰንጠረዥ የሚያገላብጥ፣ ወይም የመመረቂያ ጽሑፉን "ትንሽ ይቀረዋል" እያለ ለአማካሪው ሳያስረክብ ወራት ያስቆጠረ ሰው ይህን ካነበበ፣ እኔ የሄድኩበትን መንገድ ግማሹን እንኳን ቢያሳጥርለት ብዬ ነው የምጽፈው።

ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። አባቴ መምህር ነበር። የውጤት ካርዴን በላስቲክ ሸፍኖ በቡፌው መሳቢያ ያስቀምጠዋል፤ እንግዳ ሲመጣ ቡናው ሳይፈላ ካርዱ ይወጣል። አንደኛ መውጣት በቤታችን እንደ ውሃና መብራት ያለ ነገር ነበር፤ ሲኖር አይወራለትም፣ ሲጠፋ ነው የሚታወቀው። ሰባተኛ ክፍል አንድ ሴሚስተር ሦስተኛ ወጣሁ። ማንም አልተቆጣኝም፤ አባቴም "አይዞሽ" ብሎኛል። ነገር ግን በዚያው ሳምንት አክስቴ መጥታ ቡና ስትጠጣ ካርዱ ከመሳቢያው አልወጣም። እኔ ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጬ መሳቢያውን እያየሁ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሁለተኛም ሦስተኛም ወጥቼ አላውቅም።

አባቴን ልወቅስ አይደለም፤ ወዶኝ ነው። ይህን የማነሳው የሥነ ልቦና ባለሙያዋ በኋላ "ስህተት ስትሠሪ ምን ይሆናል ብለሽ ነው የምትፈሪው?" ስትለኝ ከሁሉ በፊት ፊቴ የመጣው ያ መሳቢያ ስለነበረ ነው። ቅጣትም፣ ከሥራ መባረርም አልመጣልኝም። የታየኝ ካርዱ ሳይወጣ መቅረቱ ብቻ ነው።

ዩኒቨርሲቲ በማዕረግ ተመርቄ ኦዲት ቢሮ ተቀጠርኩ። እንደኔ ላለ ሰው ከዚህ የባሰ የሥራ መጀመሪያ ያለ አይመስለኝም፤ የምከፈለው የሰው ስህተት ስላገኘሁ ነበርና። ሦስት ዓመት ሠርቼ አሁን ያለሁበት ድርጅት ስገባ ዝናዬ ቀድሞኝ ደርሷል፦ "እሷ የነካችው ሒሳብ አይነካም።" ደስ አለኝ። በዚያው ቀን ግን አንድ ነገር ትከሻዬ ላይ ተቀመጠ።

እንዲህ ሆንኩ። ለአንድ አቅራቢ የምጽፈውን አራት መስመር ኢሜይል እስከ አሥራ አምስት ጊዜ አነባለሁ፤ ከላክሁት በኋላም ተመልሼ የተላኩት ውስጥ ገብቼ አነበዋለሁ። ስብሰባ ላይ የማውቀውን እንኳን አልናገርም፤ ቁጥሩን ከፋይሉ ሳላይ መናገር አደጋ ነው። ሥራ ማካፈል አልችልም፤ ረዳቴ የመዘገበችውን ሁሉ ከመጀመሪያው ስለምሠራው እሷ ከዓመት በኋላ ምንም ሳትለምድ ቀረች። ለሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅቼ "የ37ተኛው ሰው ብድር ተቀንሷል?" እላለሁ። ሁሉም ሰው ታታሪ ይለኝ ነበር። ጭንቀት ሥራ በበዛበት ሰው ላይ ሲያድር ከትጋት አይለይም፤ አለቆችም ስለሚጠቀሙበት ማንም አይነካካውም።

አንድ ቀን የባንክ ማስታረቂያ ስሠራ፣ የእኛን መዝገብ ከባንኩ ጋር ሳስተያይ፣ 90 ብር ልዩነት መጣ። አራት ሰዓት ሙሉ ፈለግኩት። ምሳ አልበላሁም። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ጡረታ ሊወጡ ወራት የቀሯቸው አንጋፋ የሒሳብ ሰው በቢሮዬ በር በኩል ሲያልፉ አዩኝና "ስንት ነው የጎደለሽ?" አሉ። ነገርኳቸው።

"ለዘጠኝ ይካፈላል?"

"ይካፈላል። አሥር።"

"እንግዲህ አንዱ ቁጥር ቦታ ተለዋውጧል። በአሥር ቤትና በመቶ ቤት፣ በአንድ የሚበላለጡ ሁለት ቁጥሮች ፈልጊ።"

በሁለት ደቂቃ ውስጥ አገኘሁት። የ4,320 ብር ቼክ 4,230 ተብሎ ተመዝግቧል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቁጥሮች ቦታ ሲለዋወጡ ልዩነቱ ምንጊዜም ለዘጠኝ ይካፈላል። ለዘጠኝ የተካፈለ ልዩነት ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው ማለት አይደለም፤ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። ተማሪ ሳለሁ አንብቤው ነበር፤ ጭንቀት ሲይዝህ የምታውቀውም ይጠፋሃል። የመዘገብኩት እኔ ስለነበርኩ ፊቴ ተለዋወጠ። ጋሼ ይህን አይተው፣ "ልጄ፣ ይህችን ዘዴ ማን ያወጣት ይመስልሻል? ሲሳሳቱ የኖሩ ሒሳብ ሠራተኞች ናቸው" ብለው ወጡ። ያኔ ነገሩ አልገባኝም፤ ቀልድ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ሙያችን በሙሉ ሰው እንደሚሳሳት አውቆ የተሠራ ነው። ዴቢትና ክሬዲቱ፣ ማስታረቂያው፣ ሁለተኛው ፊርማ፣ የማስተካከያ ምዝገባው የተፈጠሩት ለዚህ ነው። የተሳሳተ ምዝገባ አይፋቅም፤ በቀኑ አዲስ ምዝገባ ይሠራለትና ሁለቱም መዝገቡ ላይ ይኖራሉ። እኔ በዚህ ሙያ ውስጥ ተቀምጬ የማይሳሳት ሰው ልሆን ስታገል ነበር።

ሰኔ 2014 መጣ። ሰኔ ለሒሳብ ሰው ምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ የግንቦት የቫት ማሳወቂያ የመጨረሻ ቀንም ያው ሰኔ 30 ነበር። ማሳወቂያውን ሰኔ 14 ጨርሼዋለሁ። አላስገባሁትም። የግዢ ደረሰኞቹን አንድ በአንድ እንደገና ላመሳክር ብዬ አቆየሁት። ሰኔ 20 ሥራ አስኪያጁ "ገባ?" ሲሉኝ "አንድ ነገር እያየሁ ነው" አልኩ። የማየው ነገር አልነበረም። ሰኔ 28 እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ሰኔ 30 ከሰዓት በኋላ ላስገባ ስቀመጥ የቢሯችን ኢንተርኔት ተቋረጠ። በስልኬ ሞከርኩ፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ የይለፍ ቃሉን ደጋግሜ ተሳሳትኩ። መሸ። ሐምሌ 1 ጠዋት ገባ፤ ዘግይቶ፣ ቅጣት ታስቦበት።

ማሳወቂያው ውስጥ አንድም ስህተት አልነበረም። በ16 ቀን ፍተሻ የለወጥኩት አንዲት ሳንቲም የለም። ድርጅቱ የተቀጣው ትክክለኛውን ወረቀት ይዤ ስለተቀመጥኩበት ነው።

ይህን ለተማሪዎች ደግሜ ልናገር፤ "ስለምጠነቀቅ ነው የዘገየሁት" የሚለውን ቃል ራሳችሁ ላይ ከሰማችሁ ቆም በሉና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ካለፈው ሦስት ቀን ወዲህ በሥራው ላይ ምን ለወጥኩ? መልሱ "ምንም" ወይም "አንድ ቃል ቀይሬ መለስኩት" ከሆነ እየሠራችሁ አይደለም፤ የማስረከቢያዋን ደቂቃ እየሸሻችሁ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ጠርተው ምን እንደተፈጠረ ጠየቁኝ፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፉልኝ፣ ቅጣቱ ተከፈለ፣ በሳምንቱ ሌላ ወሬ መጣ። እኔ ግን አልተሻገርኩትም። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ታክሲ ውስጥ ደረቴ ተጨነቀ፣ ጣቶቼ ደነዘዙ፣ አየር አጠረኝ። የምሞት መሰለኝ። ወርጄ በአቅራቢያ ወደነበረ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሄድኩ። የልብ ምርመራ አደረጉልኝ፤ ኢሲጂው ደህና ነው። ደም ወስደው የደም ማነስና የታይሮይድ ምርመራ ሠሩ፤ እሱም ደህና ነው። ወጣቱ ሐኪም "በቀን ስንት ቡና ትጠጫለሽ? ስንት ሰዓት ትተኛለሽ?" አለኝ። አምስት ስኒ፣ አራት ሰዓት። "ልብሽ ደህና ነው፤ ይህ የጭንቀት ድንጋጤ ነው፤ የአእምሮ ጤና ክፍል ልላክሽ" ሲል ተናደድኩበት። እኔ እብድ ነኝ? ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌ ሌላ ሁለት ክሊኒክ ዞርኩ፤ ሌላ ሁለት ኢሲጂ ከፈልኩ። እዚህም ደጋግሜ እያጣራሁ ነበር እኮ! መጀመሪያ የአካል በሽታ አለመሆኑን ማስመርመር ተገቢ ነው፤ ታይሮይድና የደም ማነስ ልብ ያስመታሉና። ውጤቱ ደህና ከሆነ በኋላ ግን አራተኛ ሐኪም መፈለግ የበሽታው አካል ነው።

እናቴ ሰምታ ከደብረ ብርሃን መጣች፣ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ወሰደችኝ። አንድ ሳምንት ጠበል ተጠመቅኩ፤ ልቤ አርፎ ነበር፤ ሳምንት ሙሉ ኮምፒውተር አለመክፈቴም ሳይረዳኝ አልቀረም። ጠበሉን ዛሬም አልተውኩም። ወደ ሐኪም የመለሱኝ ግን እዚያ ያገኘኋቸው አንዲት እናት ናቸው፤ "ጠበሉም ሐኪሙም የእግዚአብሔር ነው፤ የሰጡሽን ወረቀት ይዘሽ ሂጂ" አሉኝ። ነሐሴ ላይ ሄድኩ።

የሥነ ልቦና ባለሙያዋ መጀመሪያ ብዙ ጠየቀችኝ። በር መቆለፌን ደጋግሜ አያለሁ? እጄን ደጋግሜ እታጠባለሁ? የማልፈልገው ሐሳብ እየመጣ ያስቸግረኛል? ሕይወቴን ማጥፋት አስቤ አውቃለሁ? የመጀመሪያዎቹን የጠየቀችኝ ደጋግሞ የማረጋገጥ ግዴታ የራሱ ስም ያለው ሌላ ሕመም ሊሆን ስለሚችል፣ ሕክምናውም ስለሚለይ ነው። የእኔ ከሥራና ከትምህርት አይወጣም ነበር። የመጨረሻውን ጥያቄ በተመለከተ "አስቤ አውቃለሁ" የምትሉ ካላችሁ፣ ይህን ጽሑፍ አትጨርሱት፤ ዛሬውኑ ለምትቀርቡት ሰው ተናግራችሁ ከእሱ ጋር ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ከዚያ አጽናኝ ንግግር ስጠብቅ የቤት ሥራ ሰጠችኝ። ለሚቀጥለው ፔሮል እንደ ወትሮዬ እንድሠራ፣ ነገር ግን እያንዳንዱ ፍተሻ ስንት ደቂቃ እንደፈጀና ስንት ስህተት እንዳገኘሁበት እንድመዘግብ። ለሒሳብ ሠራተኛ ከዚህ የተሻለ መድኃኒት የለም፤ ቁጥር አያስተዛዝንም፣ አይዋሽም።

የነሐሴ ፔሮል እንዲህ ወጣ። አንደኛው ፍተሻ 50 ደቂቃ፣ 3 ስህተት። ሁለተኛው 40 ደቂቃ፣ 1 ስህተት። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው፣ ስድስተኛው፦ ዜሮ። ሰባተኛውን ያደረግኩት ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። የአንድ ሠራተኛ የጡረታ መዋጮ አነሰብኝ። መነሻ ደመወዙ 9,000 ብር፣ የሠራተኛው ድርሻ 7 በመቶ፣ 630 ብር ተቀንሷል። የትራንስፖርት አበሉ 1,500 የት ሄደ ብዬ ደመርኩትና 735 አደረግኩት፤ የአሠሪውንም 11 በመቶ በዚያው ሠራሁት። ልክ ስህተት ያዳንኩ ያህል እፎይ አልኩ። ስምንተኛና ዘጠነኛ ፍተሻ አደረግኩ፤ ዜሮ። ጠዋት ረዳቴ፣ ያቺ ምንም አታውቅም የምላት ልጅ፣ "እትዬ፣ ጡረታ በመነሻ ደመወዝ ላይ ብቻ አይደል እንዴ የሚታሰበው?" አለችኝ። ነው እንጂ! ይህን የማያውቅ ሒሳብ ሠራተኛ የለም። ደክሞኝ፣ ፈርቼ፣ ትክክለኛውን ቁጥር በገዛ እጄ አበላሽቼዋለሁ።

ማስታወሻ ደብተሩን ስታየው ባለሙያዋ ዝም ብላ ወደ እኔ መለሰችው። ዘጠኝ ፍተሻ፣ ስድስት ሰዓት ያህል። ያገኘኋቸው አራት ስህተቶች በሙሉ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ፍተሻዎች ውስጥ ናቸው። የቀሩት ሰባቱ የወለዱት አንድ ስህተት ብቻ ነው፤ እሱንም የፈጠርኩት እኔ።

"ታዲያ ለምን ስፈትሽ እርግጠኛ አልሆንም?" አልኳት። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የሁለት የኔዘርላንድ ተመራማሪዎችን ሙከራ ነገረችኝ። ሰዎችን ኮምፒውተር ላይ በተሠራ የጋዝ ምድጃ ፊት አስቀምጠው ደጋግመው እያጠፉ እንዲያረጋግጡ አደረጓቸው። በመጨረሻ የቱን ምድጃ እንዳጠፉ ሲጠየቁ በትክክል ያስታውሳሉ፤ ሆኖም ግን ትዝታው ደብዝዞባቸዋል፣ በራሳቸው ትዝታ ላይ ያላቸው እምነት ወርዷል። ማለትም ፍተሻው ማስታወስን አይጎዳም፤ ማመንን ነው የሚሸረሽረው። በማግስቱ ቢሮ ስገባ ይህንን ራሴ ላይ አየሁት። ሁለት ጊዜ ያየሁት ሰንጠረዥ ቁጥሩ ፊቴ ላይ ነው፤ ዘጠኝ ጊዜ ያየሁት ግን ጭጋግ ነው፣ የትኛውን ቁጥር በየትኛው ዙር እንዳየሁ አላውቅም፤ ስለዚህ አሥረኛ ያስፈልገኛል።

ከዚህ በኋላ የሠራነውን ላሳጥረው። ከትንሹ ወደ ትልቁ የሚወጣ መሰላል ጻፍን። ከታች፦ ለጓደኛዬ ፊደል የተሳሳተ መልእክት መላክና ሳያርሙ መተው። ቀጥሎ፦ ለሥራ ባልደረባ የሚላክ ኢሜይል አንድ ጊዜ ብቻ አንብቦ መላክ። ቀጥሎ፦ ስብሰባ ላይ መልሱን የማላውቀውን ጥያቄ መጠየቅ። ቀጥሎ፦ ያላለቀ ሥራ "ረቂቅ ነው" ብሎ ለአለቃ ማሳየት። ከላይ፦ ፔሮልን በሁለት ፍተሻ ማስረከብ። ሆን ብለን የምንሳሳተው የሰው ገንዘብና ጤና የማይነካበት ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ ፔሮል ላይ ስህተት አንጨምርም፣ ትርፍ ፍተሻ ነው የምንቀንሰው። ይህን ለነርሶችና ለፋርማሲ ሰዎች አስምሩልኝ። እናንተ ዘንድ ሁለት ጊዜ ማየት ግዴታ የሆነበት ነገር አለ፤ እሱ አይነካም፤ የሚነካው ከግዴታው በላይ ያለው ነው።

በእያንዳንዱ ደረጃ ሦስት ነገር እጽፋለሁ። ምን ይሆናል ብዬ እንደፈራሁ፣ ከመቶ ስንት እንደማምንበት፣ በመጨረሻ የሆነው ምን እንደሆነ። አንዱን ከደብተሬ ልገልብጥላችሁ። "ለመጋዘን ኃላፊው ኢሜይል፣ አንድ ጊዜ ብቻ አንብቤ። ፍርሃት፦ ቁጥር ተሳስቼ ቸልተኛ ናት ይለኛል፤ 80 ከመቶ። የሆነው፦ 'ዓርብ' ማለት ሲገባኝ 'ሐሙስ' ብያለሁ። ደውሎ 'ዓርብ ማለትሽ ነው?' አለ። አዎ አልኩ። እሺ አለ።" ይኸው ነው። ፍርሃቴ ግማሹ እውነት ሆነ፣ ተሳስቻለሁ። የፈራሁት ግን መሳሳቱን ሳይሆን ከመሳሳቱ በኋላ የሚመጣውን ነበር፤ እሱም "እሺ" ሆኖ መጣ።

ከሁሉ የከበደኝ ከላኩ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ጣቴ የተላኩትን ለመክፈት ይበላኛል። ትእዛዜ አለመክፈትና በየአሥር ደቂቃው ጭንቀቴን ከአሥር መስጠት ነበር። የመጀመሪያው ቀን 8፣ 9፣ 8፣ 6፣ 5፣ 3 ሆነ፤ አንድ ሰዓት ገደማ ፈጀ። በሳምንቱ ከ6 ጀምሮ በሃያ ደቂቃ ወረደ። እስከዚያ ድረስ ጭንቀት የሚወርደው ስላረጋገጥኩ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ዝም ቢሉትም ይወርዳል። ቶሎ ብላችሁ ካጣራችሁ ግን ይህንን መቼም አታዩትም።

አንድ የተሸወድኩበት ነገር አለ። ፍተሻውን ቀንሼ ተደስቼ ሳለ፣ ረዳቴን "ልክ ነው አይደል?" ማለት ጀምሬ ነበር፤ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ። ባለሙያዋ "ዓይንሽን አሳርፈሽ በሰው ዓይን እየፈተሽሽ ነው" አለችኝ። ማረጋገጫ መለመንም ፍተሻ ነው። እናትን ደውሎ መጠየቅ፣ ከፈተና በኋላ ከክፍል ልጆች ጋር መልስ ማመሳከር፣ ሁሉም ያው ነው። ረዳቴንም ጠርቼ "ከእንግዲህ ልክ ነው ወይ ስልሽ አትመልሺልኝ" አልኳት። ሳቀች፤ ከዚያ ግን ጸናችብኝ።

ፔሮሉን አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ፍተሻ 64ቱን ሰው አላይም፤ ካለፈው ወር የተለወጠውን ብቻ ነው የማየው። የገባ፣ የወጣ፣ የትርፍ ሰዓት፣ ብድር። ሁለተኛው ድምር ነው፤ የሚደረገውም በማግስቱ ጠዋት፣ ቡና ሳልጠጣ እንኳን ቢሆን በንጹሕ ዓይን። ያለፈው ወር ጠቅላላ 612,400 ብር ነበር እንበል። 9,000 የሚያገኝ አንድ ሰው ገብቷል፣ 7,500 የሚያገኝ ወጥቷል፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ በ2,300 ጨምሯል። ስለዚህ የዚህ ወር 616,200 መምጣት አለበት። ከመጣ ፋይሉ ይቆለፋል፣ ለፊርማ ይሄዳል። ካልመጣ ልዩነቱን እፈልጋለሁ፤ ለዘጠኝ መካፈሉንም አያለሁ። ሁለቱ ፍተሻዎች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንድን ነገር በአንድ ዓይነት ዘጠኝ ጊዜ ከማየት በሁለት ዓይነት ሁለት ጊዜ ማየት ይበልጣል። በሥራችሁ ውስጥ የናንተ "ድምር" ምን እንደሆነ ፈልጉት። የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ከሆነ አንዱ ንባብ ለይዘት፣ ሌላው ሰንጠረዡና ጽሑፉ አንድ ቁጥር መናገራቸውን ለማየት ይሁን። ከመጀመራችሁ በፊትም ስንት ጊዜ እንደምታዩት ወስኑ፤ በመሀል ከተወሰነ የሚወስነው ፍርሃቱ ነው።

የሥነ አእምሮ ሐኪምም መድኃኒት አዘውልኝ ነበር፤ ዘጠኝ ወር ወስጃለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት አቅለሸለሸኝ፣ እንቅልፌም ተረበሸ፤ ልተወው ነበር። እንደነገሩኝ ለውጡ የታየው ከአንድ ወር በኋላ ነው። ያቆምኩትም ሐኪሙ ቀስ በቀስ እየቀነሱልኝ እንጂ ራሴ አይደለሁም። ሁሉም ሰው መድኃኒት ያስፈልገዋል ማለቴ አይደለም፤ እንዳያሳፍራችሁ ብዬ ነው። ቡናዬን ወደ ሁለት ስኒ አወረድኩ፤ ከሰዓት በኋላ አልጠጣም። ይህንን ሳልወድ ነው የምጽፈው።

ቀጥ ብሎ የሄደ ነገር የለም። በሐምሌ 2015 መዝጊያ ላይ ኦዲተሮች ሲመጡ ደብተሬን ጣልኩና ሦስት ለሊት እንደ ድሮዬ አደርኩ። ልዩነቱ በአራተኛው ቀን ነቃሁ፤ ድሮ ዓመታት ፈጅቶብኛል።

ከዚያ በፊት፣ በጥር፣ ፔሮሉን በሁለት ፍተሻ ካስረከብኩ ሦስተኛው ወር ላይ፣ አንድ አንጋፋ ሹፌራችን ቢሮዬ በር ላይ ቆሙ። ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘዋል። የትርፍ ሰዓታቸው አልገባም፤ 1,140 ብር። ፋይሉን አወጣሁ። ሁለት የትርፍ ሰዓት ቅጾች በአንድ ስቴፕል ተያይዘው የእሳቸው ከሥር ቀርቷል። ዘጠኝ ጊዜ ቢሆን ዘጠኝ ጊዜ አላየውም ነበር፤ ስፈትሽ የኖርኩት ሰንጠረዡን እንጂ ወረቀቱን አይደለም። ፊቴ ጋለ፣ ያ የታክሲው ነገር ከሩቅ መጣ። "ስህተቱ የኔ ነው። ዛሬ የክፍያ ቫውቸር እሠራለሁ፣ ነገ ጠዋት ከካሸሯ ይውሰዱ" አልኳቸው።

አልሄዱም። ኮፍያውን እያዞሩ ቆዩና፣ "እኔማ አንቺ የሠራሽው ነው፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ብዬ ሦስት ቀን ሙሉ የገባሁበትንና የወጣሁበትን ሰዓት ስቆጥር ነበር። ልጠይቅሽም ፈራሁ" አሉ።

ወንበር ስቤ አስቀመጥኳቸው። ቫውቸሩን ፊታቸው ሞላሁት፣ አንድ ጊዜ አነበብኩት፣ ለፊርማ ላክሁት።